መብዛት እንደ ማነስ ሲነበብ፦ የሳንድዊች ምርመራና የመንጠቆ ውጤት ታሪክ



ዛሬ ላቀርብላችሁ የመረጥሁት ታሪክ የአንድ የመለኪያ ዘዴ ታሪክ ነው። ዘዴው በቤተ ሙከራ ቋንቋ የሳንድዊች ምርመራ ይባላል። ይህ ዘዴ ለአምሳ ዓመታት ያህል ያገለገለውን ያህል፣ ለአምሳ ዓመታት አንድ ጠባይ ሲከተለው ኖሯል። የሚለካው ነገር እጅግ በበዛ ጊዜ፣ መሣሪያው ጥቂት እንደሆነ፣ አንዳንዴም ጨርሶ እንደሌለ አድርጎ ይናገራል። ይህን ጠባይ ባለሙያዎች የመንጠቆ ውጤት ይሉታል። ጠባዩ ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንደሚሆንና በምን እንደሚታወቅ ላስረዳ እሞክራለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ምሳሌዬን ከቅርብ ልጀምር። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከበው የተቀመጡ፣ ቀድሞ ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች የነበሩ አካባቢዎች ናቸው። የመዲናዋ ወተት ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው አካባቢዎች ይመጣል። ከዚህ የወተት ቀበቶ ለቤተ ሙከራ የሚቀርቡ ሁለት ጥያቄዎችን አንሥቼ ላነጻጽር። የመጀመሪያው፣ በላም አፍና ሰኮና ላይ የወጣው ቁስል ገበሬው ማዝ የሚለው የአፍና የእግር በሽታ ነውን? ከሆነስ የትኛው የቫይረሱ ዓይነት ነው? የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ በወተቱ ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ አለን? ምን ያህልስ ነው? የሚለው ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች ኤላይዛ በሚባለው ምርመራ ሊመለሱ ይችላሉ። የሁለቱ ኤላይዛዎች አሠራር ግን የተለያየ ነው። የመንጠቆው ታሪክም ከዚህ ልዩነት ይነሣል።

አስቀድሜ ከሁለተኛው ጥያቄ ልነሣ። ከመስከረም 2014 እስከ የካቲት 2015 ከታላቋ አዲስ አበባ የወተት ቀበቶ 110 የወተትና 156 የመኖ ናሙናዎች ተሰብስበው በኤላይዛ ተመርምረው ነበር። በ2016 በታተመው በዚያ ጥናት ውስጥ፣ የአውሮፓ ኅብረት ከወሰነው በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ያልበለጠ መርዝ የተገኘባቸው የወተት ናሙናዎች ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ከፍተኛው ልክ በሊትር 4.98 ማይክሮግራም ደርሷል። ከምንጮቹ መካከል ዋነኛ ሆኖ የተጠቀሰው ላሞቹ የሚመገቡት የኑግ ፋጉሎ ነው።

ይህ መርዝ እጅግ ትንሽ ሞለኪውል ነው። የሞለኪውል ክብደቱ 328 ብቻ ነው። እሱን የሚይዘው አንቲቦዲ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የሚያመርተው ጸረ እንግዳ አካል፣ ክብደቱ ወደ 150,000 ይጠጋል። አንድ አንቲቦዲ ይህን ትንሽ ሞለኪውል ከያዘው፣ ሁለተኛ አንቲቦዲ የሚይዝበት ስፍራ አይቀርለትም። ስለዚህ ለአፍላቶክሲን የሚሠራው ምርመራ የሽሚያ ምርመራ ነው። በተወሰኑ ጥቂት የአንቲቦዲ ስፍራዎች ላይ፣ ቀለም ለመስጠት ምልክት የተደረገበት መርዝና በወተቱ ውስጥ ያለው መርዝ ይሻማሉ። በወተቱ ውስጥ መርዝ ከሌለ ምልክት የተደረገበት ስፍራውን ሁሉ ይይዛል፤ ቀለሙም ይደምቃል። መርዙ በበዛ ቁጥር ቀለሙ ይደበዝዛል። መርዙ እጅግ ከበዛ ቀለሙ ጨርሶ ይጠፋል፤ ከጠፋም በኋላ ተመልሶ አይመጣም። በዚህ ዓይነት ምርመራ የመብዛት ክፋቱ ልኩን በትክክል መናገር አለመቻሉ ነው እንጂ፣ ብዙውን ጥቂት ማለቱ አይደለም።

የዘመናዊው የአንቲቦዲ ልኬት ታሪክ የተጀመረውም በዚህ በሽሚያው ዘዴ ነው። በኒው ዮርክ ሮሳሊን ያሎና ሰለሞን በርሰን በ1959 እና በ1960 ኢንሱሊንን በሬዲዮአክቲቭ ምልክት የለኩት በሽሚያ ነበር። ያሎ ለዚህ ሥራ በ1977 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ በርሰን ግን ከዚያ በፊት አርፈው ስለነበር ሽልማቱን አልተካፈሉም። ዘዴው የሕክምናን ገጽታ የለወጠ ነው። ሆኖም አንድ ወሰን ነበረው። የሚለካው ነገር በቀነሰ መጠን፣ የሚነበበው ከትልቅ ምልክት ላይ የጎደለች ትንሽ ልዩነት ትሆናለች። ከብዙ ላይ ጥቂት መጉደሉን ማየት፣ ከባዶ ላይ ጥቂት መጨመሩን ከማየት ይልቅ አስቸጋሪ ነው።

ማይልስና ሄልስ በ1968 ነገሩን ገለበጡት። ምልክቱን በሚለካው ነገር ላይ ከማድረግ ይልቅ በአንቲቦዲው ላይ አደረጉት፤ አንቲቦዲውንም እንዲያንስ ሳይሆን እንዲተርፍ አድርገው ጨመሩት። ሽሚያው ቀረ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1970ዎቹ መባቻ፣ ሁለት አንቲቦዲዎችን በአንድነት የሚጠቀመው ዘዴ ተከተለ። አንደኛው አንቲቦዲ በጠጣር ገጽ ላይ ተለጥፎ የሚፈለገውን አንቲጂን ይይዛል፤ ይህን ያዥ እንበለው። ሁለተኛው ምልክት ተሸክሞ ይመጣና የተያዘውን አንቲጂን በሌላ ጎኑ ይይዛል፤ ይህን ደግሞ ጠቋሚ እንበለው። አንቲጂኑ እንደ ሳንድዊች መካከል ላይ ይቀመጣል፤ ስሙም ከዚህ የመጣ ነው። ሳንድዊቹ በበዛ ቁጥር ምልክቱ ይጨምራል። ለዚህ ግን አንቲጂኑ በአንድ ጊዜ በሁለት ቦታ ሊያዝ የሚችል ትልቅ አካል መሆን አለበት፤ እንደ ሆርሞን፣ እንደ ፕሮቲን ወይም እንደ ቫይረስ ያለ።

በ1971 በስቶክሆልም ኢንግቫልና ፔርልማን፣ በኔዘርላንድስም ቫን ዊመንና ስኩርስ በሬዲዮአክቲቭ ፈንታ ኢንዛይምን ምልክት አድርገው ለመጠቀም የሚያስችሉ ሥራዎችን አሳተሙ። ኤላይዛ የምንለው ከዚህ የተወለደ ነው። በ1975 ኮለርና ሚልስታይን ከአንድ የሴል ዘር የሚመነጭ፣ አንድ ዓይነት ብቻ የሆነ አንቲቦዲ ማምረት የሚቻልበትን መንገድ አሳዩ። ከዚያ በኋላ ያዡንና ጠቋሚውን እንደ ፍላጎት መርጦ ማጣመር ቀለለ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ፣ ወደ ማዝ ልመለስ። ቀድሞ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ምርመራ ማዕከል ይባል የነበረው፣ ዛሬ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሆነው ተቋም የሚገኘው በሰበታ ነው። በኢትዮጵያ ኦ፣ ኤ፣ ሳት 1 እና ሳት 2 የተባሉት የማዝ ቫይረስ ዓይነቶች ታይተዋል። የአንዱ ክትባት ከሌላው ስለማያድን ዓይነቱን መለየት ግዴታ ነው። በዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት መመሪያ ውስጥ የሰፈረው ነባሩ የኤላይዛ አሠራር ሳንድዊች ነው። በጉድጓዶቹ ወለል ላይ ለእያንዳንዱ ዓይነት ከጥንቸል የተገኘ አንቲቦዲ ይለጠፋል። ከቁስሉ ጠርዝ ተወስዶ የተፈጨው ሥጋ ፈሳሽ ይጨመራል። ይታጠባል። ከጊኒ ፒግ የተገኘ አንቲቦዲ ይጨመራል። እንደገና ይታጠባል። በመጨረሻም የጊኒ ፒጉን አንቲቦዲ የሚይዝ ኢንዛይም የተሸከመ አንቲቦዲና ቀለም ሰጪው ይከተላሉ።

በየመካከሉ ያለውን መታጠብ ልብ በሉልኝ። ለተማሪ አሰልቺ የሚመስለው ያ እጥበት፣ ያዡ ያልያዘውን ትርፍ አንቲጂን ጠቋሚው ከመምጣቱ በፊት ያስወግዳል። ይህ ካልተደረገ የሚሆነውን በቁጥር ላሳያችሁ።

ያዡ 100 ስፍራ አለው እንበል። ጠቋሚውም 100 ነው። ሁለቱም አጥብቀው የሚይዙ ናቸው። ናሙናውንና ጠቋሚውን በአንድ ጊዜ እንጨምር፤ በመካከል አንታጠብ። አንቲጂኑ 10 ከሆነ፣ አሥሩም በያዡ ይያዛሉ፤ አሥሩም ጠቋሚ ያገኛሉ። ምልክቱ 10 ነው። አንቲጂኑ 100 ከሆነ ምልክቱ ወደ 100 ይደርሳል፤ ይህ ጣሪያው ነው። አሁን አንቲጂኑ 1,000 ይሁን። ያዡ መያዝ የሚችለው 100 ብቻ ስለሆነ 900ው በፈሳሹ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። 100ው ጠቋሚ ግን የተያዘውንና የሚንሳፈፈውን አይለይም፤ በ1,000ው መካከል እኩል ይበተናል። ስለዚህ ከአሥር አንቲጂን አንዱ ብቻ ጠቋሚ ያገኛል። ከተያዙት 100 መካከል ጠቋሚ ያላቸው 10 ብቻ ይሆናሉ። የቀሩት 90 ጠቋሚዎች ከሚንሳፈፉት ጋር ተጣብቀው በመጨረሻው እጥበት ይወገዳሉ። ምልክቱ 10 ነው።

ስለዚህ 10 አንቲጂን ያለበት ናሙናና 1,000 አንቲጂን ያለበት ናሙና አንድ ዓይነት ንባብ ሰጡ። አንቲጂኑ 10,000 ቢሆን ምልክቱ ወደ 1 ይወርዳል። የአንቲጂኑን መጠን በአግድም፣ ምልክቱን በቁም አድርጋችሁ ብትስሉት መስመሩ ይወጣል፣ ጣሪያ ይነካል፣ ተመልሶም ይወርዳል። ቅርጹ የዓሣ መንጠቆ ይመስላል፤ ስያሜውም ይኸው ነው።

የዚህ ነገር ሥር ከሳንድዊቹ የቀደመ ነው። በ1930ዎቹ ሃይደልበርገርና ኬንዳል በኒው ዮርክ አንቲጂንና አንቲቦዲ ሲቀላቀሉ የሚፈጠረውን ዝቃጭ እየለኩ፣ ዝቃጩ ከፍተኛ የሚሆነው ሁለቱ በተመጣጠኑበት ስፍራ መሆኑን አሳይተው ነበር። ከዚያ አልፎ አንቲጂኑ ሲበዛ ዝቃጩ ይቀንሳል። ለመተሳሰር ሁለት ወገን ያስፈልጋል፤ አንዱ ወገን ብቻውን ከበዛ እያንዳንዱ ለየራሱ ይያዝና ድልድይ የሚሆን ይጠፋል። ሳንድዊቹም ድልድይ ነውና ሕጉ አልለቀቀውም።

በሳንድዊች ልኬት ላይ ይህ ጠባይ ጎልቶ የተነገረው ራሱ ማይልስ ከባልደረቦቹ ጋር በ1974 ባሳተመው የፌሪቲን ልኬት ነው። ፌሪቲን ብረትን በሰውነት ውስጥ የሚያከማች ፕሮቲን ነው። ምሳሌው ያጋጣሚ አይደለም። የብረት እጥረት ባለበት ሰው ፌሪቲን እጅግ ጥቂት ነው፤ ብረት በተከማቸበት ሰው ደግሞ በብዙ ሺህ ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ሰፊ ክልል ያለውን ነገር በተወሰነ የአንቲቦዲ መጠን ለመለካት ሲሞከር የክልሉ ጫፍ ከጣሪያው ወዲያ መውጣቱ አይቀርም። ሮድባርድና ባልደረቦቹ በ1978 ነገሩን በሒሳብ ሲመረምሩ፣ በመካከል የሚታጠበው የሁለት እርምጃ አሠራርም ፍጹም ነጻ አለመሆኑን አስረዱ። እጥበቱ ካልተሟላ ወይም በደካማ ሁኔታ የተያዘ አንቲጂን ከያዡ እየተላቀቀ ወደ ፈሳሹ ከተመለሰ፣ መንጠቆው በመጠኑም ቢሆን ይታያል።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። መንጠቆው የተስፋፋው ከፍጥነት ጋር ነው። ቤተ ሙከራዎች ብዙ ናሙና በአጭር ጊዜ መመርመር ሲፈልጉ ሁለቱ እርምጃዎች ወደ አንድ ተሰበሰቡ፤ የመካከሉ እጥበት ቀረ። ከዚያም በወረቀት ሰቅ ላይ የሚሠራው ፈጣን ምርመራ መጣ። በዚህ ሰቅ ላይ ናሙናው በመጀመሪያ የሚያገኘው የደረቀውን ጠቋሚ ነው፤ ከእርሱ ጋር ተቀላቅሎ እየፈሰሰ ወደ ያዡ መስመር ይደርሳል። አንቲጂኑ ከበዛ ጠቋሚው በመንገድ ላይ ይሞላል፤ ጠቋሚ ያላገኘው ትርፍ አንቲጂን ደግሞ የያዡን ስፍራ ይወስዳል። የውጤቱ መስመር ይደበዝዛል ወይም አይታይም። የመቆጣጠሪያው መስመር ግን ይወጣል፤ እርሱ የሚይዘው ጠቋሚውን ራሱን እንጂ አንቲጂኑን አይደለምና። የመቆጣጠሪያው መስመር ፈሳሹ መፍሰሱንና ጠቋሚው መሥራቱን ይመሰክራል፤ ስለ አንቲጂን መብዛት ግን የሚመሰክረው የለውም። አንባቢው በሥርዓት የተሠራ ኔጌቲቭ ውጤት ያያል።

በሰው ሕክምና ውስጥ የታወቀው ምሳሌ የእርግዝና ምርመራ ነው። የተለመደው የሽንት ምርመራ የእርግዝናን ሆርሞን በሚሊ ሊትር ከ25 ሚሊ ዓለም አቀፍ አሃድ ጀምሮ ይለያል። ሞላር በሚባለው፣ እንግዴ ልጁ እንደ ወይን ዘለላ በሚያብጥበት ያልተለመደ እርግዝና ግን ሆርሞኑ ከ1,000,000 ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ያለች ሴት ደም እየፈሰሳት፣ ማሕፀኗ ከወር አበባዋ ስሌት በላይ አድጎ፣ እያስመለሳት መጥታ የሽንት ምርመራው እርጉዝ አይደለሽም ሊላት ይችላል። እንዲህ ያሉ ታማሚዎች በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ደጋግመው ተመዝግበዋል። ሽንቱ በውሃ ወይም በተስማሚ ማቅጠኛ ሲቀጥን መስመሩ ይወጣል።

ማቅጠን ለምን መፍትሔ እንደሆነ ከቀደመው ቁጥራችን ማየት ይቻላል። ሁለቱንም ናሙናዎች አሥር እጥፍ እናቅጥን። 10 የነበረው 1 ይሆናል፤ ምልክቱም ከ10 ወደ 1 ይወርዳል። 1,000 የነበረው 100 ይሆናል፤ ምልክቱ ግን ከ10 ወደ 100 ይወጣል። በቀጠነ ጊዜ ምልክቱ የጨመረ ናሙና ከመንጠቆው ወዲያ የነበረ ናሙና ነው። ንባቡን በአሥር ስናባዛው የመጀመሪያው ወደ 10 ይመለሳል፤ ሁለተኛው 1,000 ይሆናል። ያልቀጠነውና የቀጠነው ናሙና ሲባዙ የማይስማሙ ከሆነ የመጀመሪያው ንባብ አይታመንም ማለት ነው። እዚህ ላይ ማሳሰብ የሚገባኝ፣ አንድ ጊዜ ማቅጠን ሁልጊዜ አይበቃም። 10,000 አንቲጂን ያለበት ናሙና በአሥር ቢቀጥን 1,000 ነው፤ ገና ከጣሪያው ወዲያ ነው። ስለዚህ ሁለት ተከታታይ ቅጥነቶች እርስ በርሳቸው እስኪስማሙ ድረስ መቀጠል ይገባል።

የመጨረሻውን ምሳሌ የማቀርበው ከሀገራችን ነው፤ ማቅጠን የሚፈታውንና የማይፈታውን ስለሚለይልን። የወባ ፈጣን ምርመራ ሳንድዊች ነው። ለፋልሲፓረም ወባ በስፋት የሚፈለገው አንቲጂን ኤችአርፒ2 የተባለው ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ጥገኛ ተሕዋሲው እጅግ በበዛበት ደም ውስጥ ተትረፍርፎ ስለሚገኝ፣ ጂሌትና ባልደረቦቹ በ2009 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ በአንዳንድ የፈጣን ምርመራ ዓይነቶች መንጠቆ ይፈጥራል። ኤልዲኤች የተባለውን ሌላ አንቲጂን በሚፈልጉት መስመሮች ላይ ግን አልታየም። አብዛኛውን ጊዜ መስመሩ የሚደበዝዝ እንጂ ፈጽሞ የሚጠፋ አይደለም። ሆኖም የሚደበዝዘው እጅግ በጠና የታመመው ሰው መስመር መሆኑ ነገሩን አስጊ ያደርገዋል።

በኢትዮጵያ ግን ለተመሳሳይ የውጤት መጥፋት ፍጹም ተቃራኒ የሆነ ምክንያት ተገኝቷል። በ2017 እና በ2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ በ12,572 ሰዎች ላይ ተካሂዶ በ2021 የታተመ ጥናት፣ ኤችአርፒ2ን የሚያመርተው ጂን የጠፋባቸው የፋልሲፓረም ተሕዋስያን መኖራቸውን አሳየ። በዚህ ምክንያት ብቻ በዚህ አንቲጂን ላይ የተመሠረተው ምርመራ ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶ ያህሉን እንደሚስት ተገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት ምርመራው እንዲለወጥ የሚመክረው ስሕተቱ ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው።

እነሆ፣ አንድ የጤና ባለሙያ በሰበታ ወይም በቡራዩ ከቆላ የተመለሰ፣ ትኩሳት የያዘው ሠራተኛ ቢመጣለት፣ ምርመራውም ኔጌቲቭ ቢሆን፣ ከወባ አለመኖር ሌላ እነዚህ ሁለት ምክንያቶችም ሊኖሩ ይችላሉ። አንቲጂኑ ፈጽሞ የለም፤ ወይም ከመጠን በላይ አለ። ሰቁ ሁለቱን አይለይም። ደሙን በጨው ውሃ አቅጥኖ እንደገና መመርመር ይለያቸዋል። በዝቶ ከነበረ መስመሩ ይደምቃል፤ ጂኑ ከጠፋ ግን ምንም ያህል ቢቀጥን መስመር አይወጣም። በማይክሮስኮፕ ማየት ደግሞ ከሁለቱም ያድናል፤ ማይክሮስኮፕ የሚያሳየው ተሕዋሲውን ራሱን ነውና፣ ሲበዛም በዝቶ ይታያል።

ከዚህ ታሪክ ለሙያችን የሚተርፈው ጥያቄ ሁለት ክፍል አለው። በእጃችሁ ያለው ምርመራ የሽሚያ ነው ወይስ የሳንድዊች? ሳንድዊች ከሆነስ ጠቋሚው የሚመጣው ትርፉ ከታጠበ በኋላ ነው ወይስ ከናሙናው ጋር በአንድነት? መልሱ በአምራቹ መመሪያ ውስጥ በአሠራሩ ቅደም ተከተል ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜም መመሪያው እስከ ስንት መጠን ድረስ መንጠቆ እንዳልታየ ይገልጻል። በአንድ እርምጃ የሚሠራ ሳንድዊች ከሆነና የታማሚው ሁኔታ ከንባቡ ጋር ካልተስማማ፣ ሐኪሙ ለቤተ ሙከራው ደውሎ ናሙናው ቀጥኖ እንዲደገም መጠየቅ አለበት፤ ቤተ ሙከራው ታማሚውን አያየውምና ከሐኪሙ ካልሰማ ሊጠረጥር የሚችልበት ምክንያት የለውም።